«ገንዘቤን መልስልኝ» ለተባልኩበት ሻወር የጻፍኩት መልስ፤ የ21 ቀን ማስታወሻ

ቀን 1

መልእክቱ የደረሰኝ በጠዋት ነው። ከ5 ወር በፊት ሠርቼ ያስረከብኩት መታጠቢያ ክፍል ነው። ቅሬታው አራት ነገር ይዟል። ሻወሩ ውስጥ ውሃ ተኝቶ ይቀራል። ሴራሚኩ «ሁሉም» ሲነካ ባዶ ባዶ ይላል። በሩ አጠገብ አንዱ ተሰንጥቋል። ከሥር ባለው ክፍል ኮርኒስ ላይ ቡናማ እድፍ ወጥቷል። መጨረሻው ላይ «ገንዘቤን ሙሉውን መልስልኝ» ይላል።

እጄ ወዲያው ወደ መልስ ሄዶ ነበር። ሁለት መስመር ጽፌ አጠፋሁት። አንዱ መስመር «ይቅርታ፣ እናስተካክላለን» የሚል ነበር። ሳላይ ይቅርታ ካልኩ አራቱንም ተቀበልኩ ማለት ነው። ይህን ያወቅኩት በሌላ ሥራ ላይ ነው። ጣሪያ የሚያፈሰውን ውሃ የእኔ ወለል ነው ብዬ ተቀብዬ፣ ደህና ወለል አፍርሼ እንደገና ሠርቻለሁ።

የላክሁት ይኸው ነው፦ «መልእክትዎ ደርሶኛል። ነገ ከሰዓት መጥቼ በዓይኔ ልየው። እስከዚያው ሻወሩን ባይጠቀሙበት ጥሩ ነው።»

ቀን 2

ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ እርሳስ፣ የጎማ መድፈኛና አንድ ጆግ ይዤ ሄድኩ። ደንበኛዬ በር ላይ ጠበቁኝ። ተቆጥተዋል፣ ግን ክፉ አልተናገሩኝም። «ልጄ፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ያየሁትን ነው የጻፍኩልህ» አሉኝ። ይህች ዓረፍተ ነገር ኋላ ላይ ደብዳቤውን ስጽፍ ደጋግማ መጣችብኝ።

ከሻወሩ ጀመርኩ። ስፋቱ 90 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው፣ መውረጃው መሀል ላይ ነው። ከመሀሉ እስከ እያንዳንዱ ማዕዘን 75 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በ100 ሳንቲ 2 ሳንቲ ዝቅታ እንያዝ ብንል፣ ማዕዘኖቹ ከመውረጃው 15 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለባቸው። ለካሁ። ሁለቱ 6 ሚሊ ናቸው። ሦስተኛው ዜሮ ነው። አራተኛው፣ ከግድግዳው ጥግ ያለው፣ ከመውረጃው 2 ሚሊ ዝቅ ብሏል። አንድ ጆግ ውሃ አፈሰስኩ። ውሃው ወደ መውረጃው ትንሽ ሄደና ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ጥጉ ተመለሰ። ከሩብ ሰዓት በኋላም እዚያው ነበር።

ይሄ የእኔ ነው። የሚያከራክር ነገር የለውም።

ምክንያቱንም ቆሜ እያየሁት ገባኝ። ሴራሚኩ 60 በ60 ነው። ወለሉ ከአራት አቅጣጫ ወደ አንድ ነጥብ መውረድ ካለበት ትልቅ ሴራሚክ አይታጠፍም። ወይ ከማዕዘን ወደ መውረጃው በሰያፍ ተቆርጦ እንደ ፖስታ ጀርባ አራት ሦስት ማዕዘን መሆን አለበት፣ ወይ ትንንሽ ሴራሚክ መነጠፍ አለበት። እኛ ሁለቱንም አላደረግንም። በሰያፍ መቁረጡ መልኩን ያበላሻል ብለን ሙሉውን ቁራጭ አነጠፍን። ሲነጠፍ ደግሞ ጠርዙ ከጠርዙ እኩል እንዲሆን መሀሉን በማጣበቂያ ሞላነው። ስሎፑን የገደልነው እኛው ነን።

ከዚያ ማንኳኳት። የካቻቢቴ እጀታ ነው የምጠቀመው፣ ፕላስቲኩ ሴራሚኩን አይጎዳም። የክፍሉ ወለል ከሻወሩ ውጭ 17 ሴራሚክ አለው። አንድ በአንድ ዘጠኝ ቦታ እያንኳኳሁ ባዶ ያለው ላይ በእርሳስ ከበብኩ። ደህናው «ጥክ» ይላል፣ አጭር ነው። ባዶው «ዶክ» ይላል፣ ከሥሩ አየር እንዳለ ይታወቃል። ደንበኛዬም እጀታውን ተቀብለው ሞከሩት። አሥራ አራቱ ደህና ናቸው። አንዱ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው። ሁለቱ በአንድ ማዕዘናቸው የመዳፍ ስፋት ያህል ባዶ አላቸው። በሻወሩ ውስጥ ግን ከመውረጃው ዙሪያ ግማሽ ያህሉ ይጮሃል።

የተሰነጠቀውን ተንበርክኬ አየሁት። ስንጥቁ ከአንድ ነጥብ ተነስቶ በአምስት አቅጣጫ ይሄዳል። ነጥቡ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ፍንጣሪ ጎድላለች። ሲንኳኳ ግን «ጥክ» ነው፣ ከሥሩ ሙሉ ነው። ከሥር ባዶ ሆኖ የተሰነጠቀ ሴራሚክ ብዙ ጊዜ ባዶው ላይ ተሻግሮ በአንድ መስመር ይሄዳል፣ ገጹም ላይ ፍንጣሪ አይኖረውም። ይሄ ከላይ የወደቀበት ነገር ነው። ምን እንደወደቀ አላውቅም፣ አልጠየቅኩምም።

እድፉን ነገ።

ቀን 3

የኮርኒሱ እድፍ ከሁሉም ትልቁ ነገር ነው። ከሴራሚኩ ሥር ያለው ውሃ መከላከያ ቅብ አፍስሶ ከሆነ ሙሉውን አፍርሶ መሥራት ነው፣ የደንበኛዬም ጥያቄ ትክክል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለራሴ ሳላደላ መፈተን ነበረብኝ።

ትናንት ከመሄዴ በፊት መውረጃውን በጎማ መድፈኛ ደፈንኩ። ሻወሩ ደፍ ስላለው እስከ 3 ሳንቲ ያህል ውሃ ሞላሁበት። የውሃው ልክ ላይ ግድግዳው ላይ ቴፕ ለጠፍኩ። ከታች ደግሞ የእድፉን ዳር በእርሳስ ከበብኩ። ደንበኛዬን «ሻወሩንም እጅ መታጠቢያውንም እስከ ነገ አይንኩ» አልኳቸው።

ዛሬ ከ24 ሰዓት በኋላ ውሃው ከቴፑ 1 ሚሊ ቢጎድል ነው። ይህ በትነት የሚሄድ ነው። እድፉ ከእርሳሱ አልወጣም። መድፈኛውን ስነቅለው ውሃው በአንድ ጊዜ ወረደ፣ የታችኛውንም ቱቦ በዚያው ፈተንኩ ማለት ነው። አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ ምንም የለም። ግድግዳውን ደግሞ ሻወሩን ከፍቼ ግማሽ ሰዓት በቀጥታ አስመታሁት። አሁንም ምንም የለም።

ቀሪው እጅ መታጠቢያው ነው። ከሥሩ አዲስ ቁም ሣጥን ተገጥሞለታል። እኔ ሳስረክብ አልነበረም። ደንበኛዬም ከርክክቡ 2 ወር በኋላ ሌላ ሰው እንደገጠመውና ሲፎኑንም እንደቀየረው ነገሩኝ። ሲፎኑን በደረቅ ሶፍት ጠቀለልኩት። ገንዳውን ሞልቼ ለቀቅኩ። አምስት ጊዜ። በሦስተኛው ላይ ሶፍቱ ከታችኛው ብሎን በኩል ረጠበ። ያለማቋረጥ አይንጠባጠብም፣ ውሃ በብዛት ሲለቀቅ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ማንም ያላየው። ማታ ላይ ደውለው እድፉ ከእርሳሱ የጣት ስፋት ያህል እንደወጣ ነገሩኝ።

ደስ አለኝ ብል ውሸት አይደለም። ግን መንገድ ላይ ሌላ ነገር አሰብኩ። ይህን ማስረጃ ይዤ «እድፉ የእኔ አይደለም» ብዬ ከጀመርኩ፣ ሴትየዋ ስለሻወሩ የምለውን አያነቡትም።

ቀን 4

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት።

የመጀመሪያው እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «60 በ60 ሴራሚክ የመረጡት እርስዎ መሆንዎ ይታወሳል።» እውነት ነው። የመረጡት እሳቸው ናቸው። ናሙና ይዘው መጥተው ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው። ግን ያን ቀን «ይሄ ለሻወር ወለል አይሆንም፣ ወይ እንቆርጠዋለን» ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። «ያምራል» ነው ያልኩት። «ባለሙያ አይደለሁም» ያለኝን ሰው ምርጫ ልከስበት አልችልም። ቀደድኩት።

ሁለተኛው ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። «ለተፈጠረው ችግርና ለደረሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ» ይላል። ረዳቴ አንብቦ «አለቃ፣ ‹ሁሉ› የምትለው ቃል ኮርኒሱንም ትጨምራለች» አለኝ። ልጁ ልክ ነው። አንድ ቃል ናት፣ ግን ነገ ሌላ ሰው ደብዳቤውን ሲያነብ የሚይዘው እሷን ነው። «ጉዳት» የሚለውንም አወጣሁት። በቦታው የሚታየውን ነገር ራሱን ጻፍኩ፦ ውሃ ይተኛል፣ ሴራሚኩ ባዶ ነው።

ሦስተኛው ላይ ቅደም ተከተሉን አስተካከልኩ። መጀመሪያ ያመንኩት። ቀጥሎ ያላመንኩትና ማስረጃው። ከዚያ ገና ያላወቅኩት። ከዚያ የማቀርበው። ያላወቅኩትን መጻፍ ያስፈራል፣ ግን ወለሉ ሲከፈት መታየቱ አይቀርም። ቀድሜ ካልጻፍኩት የደበቅኩት ይመስላል።

ስለገንዘቡ ማሰብ ነበረብኝ። ለምንድነው የማልመልሰው? ግልጹን ልጻፈው። ገንዘቡ እጄ ላይ የለም፣ በቁሳቁስና በሠራተኛ ክፍያ አልቋል። ይህ ግን የእኔ ጉዳይ ነው፣ ለደንበኛ ምክንያት አይሆንም። ደብዳቤው ላይ አልጻፍኩትም። ለእሳቸው የሚሆነው ምክንያት ሌላ ነው። ሥራው ግድግዳ፣ ወለል፣ የቧንቧ መስመርና ሻወር ነው። የተበላሸው የሻወሩ ወለልና ጥቂት ሴራሚክ ነው፣ ከጠቅላላው አንድ ስድስተኛ ቢሆን ነው። ገንዘብ ብመልስ ውሃው እዚያው ተኝቶ ይቀራል። ሌላ ባለሙያ ገብቶ ሲያፈርስ ውሃ መከላከያው የት እንደሚያልቅ አያውቅም። አንድ ጊዜ ከነካው ደግሞ ነገ ቢያፈስ እኔም እሱም «የእኔ አይደለም» እንላለን። እኔው ካስተካከልኩት ኃላፊው አንድ ሰው ሆኖ ይቀጥላል። ውላችንም ውስጥ የአንድ ዓመት የጉድለት ማስተካከያ ጊዜ አለ፣ ከዚያ ውስጥ ነን።

ቀን 5

የላክሁት ይህ ነው። ስምና አድራሻ አውጥቼ እገለብጠዋለሁ።

«ቅሬታዎ ከደረሰኝ በኋላ ሁለት ቀን እርስዎ ባሉበት ሥራውን ፈትሻለሁ። ያገኘሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

በእኔ ጥፋት የሆነ፦ የሻወሩ ወለል በቂ ዝቅታ የለውም። በአንድ ማዕዘን ከመውረጃው 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ስላለ ውሃ ይተኛል። ለቦታው ትልቅ የሆነ ሴራሚክ በሰያፍ ሳልቆርጥ በማንጠፌ የመጣ ነው። የሴራሚኩን መጠን በተመለከተ በወቅቱ ማስጠንቀቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በሻወሩ ውስጥ ያለው ሴራሚክ በከፊል፣ ከውጭ ደግሞ አንድ ሴራሚክ ሙሉ በሙሉ በማጣበቂያ አልያዘም። ለእነዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በእኔ ሥራ የመጣ ሆኖ ያላገኘሁት፦ የኮርኒሱ እድፍ። ሻወሩ ለ24 ሰዓት ውሃ ተሞልቶ እድፉ አልሰፋም። ከእጅ መታጠቢያው ሲፎን ላይ ግን ውሃ ሲለቀቅ ፍሳሽ ታይቷል። ሲፎኑ ከርክክብ በኋላ ተቀይሯል። በሩ አጠገብ ያለው ስንጥቅ ከላይ በተመታ ነገር የመጣ ይመስለኛል፣ ከሥሩ ሙሉ ነው።

ገና ያልታወቀ፦ ሴራሚኩ ሲነሳ ውሃ መከላከያው መጎዳት አለመጎዳቱ፣ ከሥሩ ያለው የሲሚንቶ ንጣፍም ዝቅታው ልክ መሆን አለመሆኑ። ሁለቱም ሲከፈት ይታያል። የትኛውም ቢገኝ ወጪው የእኔ ነው።

ገንዘብ ከመመለስ ይልቅ ጥገና አቀርባለሁ። የሻወሩን ወለል ሙሉ በሙሉ አንስቼ፣ ውሃ መከላከያውን እንደገና ቀብቼ፣ እርስዎ ወይም እርስዎ የሚልኩት ሰው ባለበት ለ24 ሰዓት በውሃ ፈትኜ፣ እንደገና አነጥፋለሁ። ባዶውን ሴራሚክ እቀይራለሁ። የተሰነጠቀውንም ትርፍ ሴራሚክ ስላለዎት እግረ መንገዴን እቀይረዋለሁ፣ ይህን የማደርገው ግን ጥፋቱን ስላመንኩ አይደለም። በማዕዘናቸው ትንሽ ባዶ ያላቸው ሁለቱ ስለማይነቃነቁ እንዲቆዩ እመክራለሁ፣ የጉድለት ጊዜው ከማለቁ በፊት እንደገና አንኳኳቸዋለሁ። ሥራው 10 ቀን ይወስዳል። በእጅዎ የቀረውን የመጨረሻ ክፍያ ፈተናው እስኪያልፍ ድረስ ያቆዩት።»

ስለ እድፉ «ያላገኘሁት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። «አይደለም» ብል የማላየውን ሁሉ አውቃለሁ ማለት ይሆናል።

ቀን 7

ደወሉ። ደብዳቤውን ለወንድማቸው እንዳነበቡለት ከድምፃቸው ያስታውቃል። ሁለት ነገር ጠየቁ።

አንደኛው፦ «ጠግነኸው ደግሞ ቢያፈስስ?» ይህን መጻፍ ነበረብኝ፣ አልጻፍኩትም። ጥገና የሚያቀርብ ሰው ጥገናው ካልተሳካ ምን እንደሚሆን ካልተናገረ ጊዜ እየገዛ ነው የሚመስለው። አንድ መስመር ጨምሬ ላክሁ፦ ሁለተኛው የውሃ ፈተና ካላለፈ ወይም እስከ ጉድለት ጊዜው መጨረሻ ውሃ ከተኛ፣ የሻወሩን ወለል ድርሻ በገንዘብ እመልሳለሁ። የመላውን ሥራ ሳይሆን የዚያን ክፍል።

ሁለተኛው ከበድ ያለ ነበር። 60 በ60 ይመለስ አሉ። ለዚህ ነው ገንዘብ ያወጣሁት አሉ። ሁለት ምርጫ አቀረብኩ። ያንኑ ሴራሚክ በሰያፍ ቆርጦ ማንጠፍ፣ ወይ የ10 በ10 ትንንሽ ሴራሚክ። ትንሹ ብዙ መገጣጠሚያ ስላለው ስሎፑን በደንብ ይከተላል፣ እርጥብ እግርም ብዙም አያንሸራትትም። መውረጃውን ወደ ግድግዳ ወስዶ ወለሉን በአንድ አቅጣጫ ማዘንበልም ይቻላል፣ ግን ሶሌታው፣ ማለት የወለሉ ኮንክሪት፣ መሰበር አለበት፣ አልመከርኩትም። ትንሹን መረጡ። ደስ ብሏቸው አይደለም።

ቀን 10

አፈረስን። ረዳቴ በቀስታ ከመውረጃው ጀመረ። የመጀመሪያው ቁራጭ በእጅ ተነሳ፣ መሮ እንኳ አልፈለገም። ገለበጥኩት። ጀርባው ንጹሕ ነው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ። ወለሉ ላይ ያለው ማጣበቂያ ደግሞ የምንቀባበት ባለ ጥርስ ማንኪያ የሠራው መስመር እንዳለ ቆሟል፣ እንደ ታረሰ መሬት። አንዱም መስመር አልተዳጠም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል። ማጣበቂያው ተቀብቶ ሴራሚኩ እስኪቆረጥ ብዙ ቆይቷል። ላዩ ቆዳ አወጣ። ሴራሚኩ ተቀመጠበት እንጂ አልያዘም። ጣት ሲነካው ማጣበቂያው ጣት ላይ ካልመጣ ተፍቆ አዲስ መቀባት አለበት። በእርጥብ ቦታ የሴራሚኩ ጀርባ 95 በመቶ ያህሉ መያዝ አለበት፣ ይሄኛው ግማሽም የለው። የሴራሚኩንም ጀርባ ቀብተን ቢሆን ኖሮ ይያዝ ነበር። ያን ቀን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ የዘገየሁትም እኔ።

መሀል ላይ ያለው ማጣበቂያ 17 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ዳር ላይ 5 ነው። ከሥሩ ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ ተለካ፦ 14 ሚሊ ይወርዳል። ደህና ነበር። በማጣበቂያ ሞልተን ነው ያስተካከልነው። ለደንበኛዬ ፎቶ ላክሁ፣ የተገለበጠውንም ጭምር። ላለመላክ ትንሽ አስቤ ነበር።

ቀን 11 እስከ 15

ማጣበቂያው ሲፋቅ ውሃ መከላከያው በሦስት ቦታ ተነሳ፣ እንደተጠበቀው። ንጣፉም በአንድ ቦታ ተፈነከተ። ጠግነን እስኪደርቅ አንድ ቀን ጠበቅን፣ ይህ በዕቅዱ አልነበረም። ማዕዘኖቹ ላይ የማጠናከሪያ ቴፕ አስገብተን የመጀመሪያውን ቅብ በአንድ አቅጣጫ፣ ሁለተኛውን በማግሥቱ ተሻጋሪ አድርገን ቀባን። ግድግዳው ላይ ካለው አሮጌው ቅብ ጋር እንዲደራረብ የታችኛውን አንድ ረድፍ የግድግዳ ሴራሚክ ማንሳት ነበረብን። ይህንንም ደብዳቤው ላይ አልጻፍኩም ነበር። ደውዬ ነገርኳቸው። ሲፎኑን ቁም ሣጥኑን የገጠመው ሰው መጥቶ አጥብቆላቸዋል።

ቀን 16 እና 17

ውሃ ሞላን። ቴፑን የለጠፉት ደንበኛዬ ራሳቸው ናቸው፣ ሰዓቱንም ቴፑ ላይ ጻፉበት። ወንድማቸውም መጥቶ ከታች ሆኖ ኮርኒሱን በእርሳስ ከበበ። በማግሥቱ ውሃው ቦታው ላይ ነው፣ ኮርኒሱም ደረቅ ነው። ወንድምየው ምንም አላለም። እርሳሱን መለሰልኝ።

ቀን 18 እስከ 21

10 በ10 አነጠፍን። በየአሥር ሴራሚኩ አንዱን ገና እርጥብ ሳለ እያነሳሁ ጀርባውን አየሁ። ሁለት ጊዜ ረዳቴ «ጀመርክ ደግሞ» አለኝ። በማግሥቱ መገጣጠሚያዎቹን በግራውት ሞላን። ወለሉና ግድግዳው የሚገናኝበትን ግን በግራውት አልሞላሁትም፣ እዚያ ላይ ሲሊኮን ነው፣ ሁለቱ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ግራውቱ ይሰነጠቃል። ባዶውና የተሰነጠቀው ሴራሚክ ተቀየሩ፣ ከአራቱ ትርፍ ሁለት ቀራቸው።

10 ቀን ያልኩት 12 ሆነ። ለሁለቱ ቀን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

መጨረሻ ላይ አንድ ጆግ ውሃ ጥጉ ላይ አፈሰስኩ። ዞሮ ወደ መውረጃው ሄደ። ደንበኛዬ «የድሮው ያምር ነበር» አሉ። አዎ፣ ያምር ነበር። የመጨረሻውን ክፍያ ግን የሰጡኝ ዛሬ አይደለም፣ ሳምንት ተጠቅመውበት ነው የሚሰጡኝ። ፈተናው ሲያልፍ የሚለው የእኔ ደብዳቤ ነው፣ ግን አልተከራከርኩም። በማዕዘን ባዶ ያሉትን ሁለቱን ሴራሚኮች ከጉድለት ጊዜው ማለቂያ አንድ ወር ቀድሜ መጥቼ እንዳንኳኳ ቀን መዝግቤያለሁ።